«አደጋው ራሱ ይናገራል» እስከ ምን ድረስ ያስኬዳል? ከማደንዘዣ ሲነቁ ስለሚገኝ የክንድ ጉዳት

ጥያቄ፦ «ከአምስት ሳምንት በፊት የታችኛው ሆዴን በካሜራ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና ታከምኩ። ስነቃ ቀኝ ትከሻዬን በጣም አመመኝ፤ ክንዴን ማንሳትም አቃተኝ። እስከ ዛሬ አልተሻለኝም። ሆስፒታሉ ‹በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተፈጠረ ነገር የለም› ይላል። እኔ ተኝቼ ነበር፣ ምን እንዳደረጉኝ ማሳየት አልችልም። ሰዎች ግን ‹አደጋው ራሱ ይናገራል የሚባል ሕግ አለ፣ ጥፋት እንደሌለባቸው ማስረዳት ያለባቸው እነሱ ናቸው› አሉኝ። እውነት ነው?»

ምላሽ፦ የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ብዙ ከሳሾችን ያሳሳተ ነው። «አደጋው ራሱ ይናገራል» የሚለው መርህ፣ በሕግ ሰዎች አነጋገር «ሬስ ኢፕሳ ሎኩይቱር»፣ ተጎጂው ማን ምን እንዳጠፋ በዝርዝር ባያሳይም ክሱ ገና ከጅምሩ እንዳይዘጋ ያደርጋል። የማስረዳት ሸክሙን ግን በአብዛኛው ቦታ ከከሳሽ አንሥቶ ተከሳሽ ላይ አይጭንም። በክርክሩ ማብቂያ ላይ ሁለቱም ወገን እኩል አሳማኝ ሆነው ከተገኙ አሁንም የሚሸነፈው ከሳሹ ነው። የትኛው አገር እንዳሉ ስላልጠቀሱ፣ መርሁ በተወለደባት በእንግሊዝና ወርሰው በሚሠሩበት በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ ያለውን ልዩነት በየቦታው እጠቅሳለሁ። የተጻፈ የፍትሐ ብሔር ኮድ የሚከተሉ አገሮች የራሳቸው ሌላ መንገድ ስላላቸው ይህ ምላሽ እነሱን አይመለከትም።

መርሁ ምን እንደሚጠይቅ ለመረዳት መነሻውን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1863 በተወሰነው የበርን እና የቦድል ጉዳይ፣ ሊቨርፑል ውስጥ በመንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ከዱቄት ነጋዴ መስኮት በወደቀ የዱቄት በርሜል ተመታ። በርሜሉ እንዴት እንደወደቀ የሚናገር አንድም ምስክር አልቀረበም፤ በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ዳኛ ክሱን ዘጋው። የበላዩ ፍርድ ቤት ግን በርሜል ማንም ሳይዘነጋ ከመጋዘን ተንከባልሎ አይወጣም፣ የተመታው ሰውም መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ምስክር ፈልግ ሊባል አይገባም ብሎ ሻረው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1865፣ የስኳር ከረጢቶች በወደቁበት ሰው ጉዳይ መርሁ መልክ ያዘ፤ አደጋውን ያስከተለው ነገር በተከሳሹ ወይም በሠራተኞቹ ቁጥጥር ሥር መሆን አለበት፣ አደጋውም ተገቢ ጥንቃቄ ቢደረግ ኖሮ በተለመደው አካሄድ የማይደርስ ዓይነት መሆን አለበት፣ ተከሳሹም ሌላ ማብራሪያ ያላቀረበ መሆን አለበት።

እርስዎ የሚሸነፉበትም የሚያሸንፉበትም ቦታ ሁለተኛው ነጥብ ነው። በርሜሉን የሚያህል ግልጽ ነገር ሕክምና ውስጥም አለ። ሆድ ውስጥ ተረስቶ የተሰፋ ጨርቅ ወይም ጤነኛው እግር ላይ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ሲያጋጥም ዳኛው ሐኪም መሆን አያስፈልገውም። የክንድ ነርቭ ጉዳት ግን ከዚያ ወገን አይደለም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክንዳቸው የደከመ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ከመካከላቸው ማንም ሳያጠፋ የተጎዱም አሉ። ስለዚህ «ጤነኛ ክንድ ይዤ ገባሁ፣ የማይነሣ ክንድ ይዤ ወጣሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። የሚጠበቅብዎት ጉዳቱ ያለ ቸልተኝነት ፈጽሞ ሊደርስ እንደማይችል ማሳየት አይደለም። በእርስዎ ሁኔታ፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ ሲደርስ ምክንያቱ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ቸልተኝነት ሊሆን እንደሚችል ማሳየት ነው። ይህን የሚናገር የማደንዘዣ ወይም የነርቭ ስፔሻሊስት የሙያ ምስክር ያስፈልግዎታል። ብዙ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የሙያ ምስክር ተራ ሰው የማያውቀውን ይህን ክፍተት እንዲሞላ ይፈቅዳሉ።

ተከላካዮቹ የሚያመጧቸውን ሦስት ማብራሪያዎች ከወዲሁ ይወቁ፣ ሦስቱም ከእውነተኛ ሕክምና የመጡ ናቸውና። የመጀመሪያው ጋዝ ነው። በካሜራ የሚሠራ የሆድ ቀዶ ሕክምና ሆድን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነፍቶ ነው የሚካሄደው። የቀረው ጋዝ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ሲያስቆጣ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ይህ የተለመደ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ክንድን ግን አያደክምም። ስለዚህ ለሐኪምም ሆነ ለጠበቃ ሲናገሩ ከሕመሙ ይልቅ ክንዱ አልነሣ ማለቱን ያስቀድሙ። ሕመም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ምንም አይናገርም ነበር።

ሁለተኛው ከቀዶ ሕክምና በኋላ የትከሻ ነርቮችን የሚያጠቃ የብግነት ሕመም ነው። ሰውነት ራሱ የሚያመጣው ነው፤ ማንም ምንም ሳይነካ ይከሰታል፤ ከባድ የትከሻ ሕመም ይጀምርና የጡንቻ ድካም ይከተላል። ለተከላካይ ጠበቃ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም፤ ምልክቱ ከእርስዎ ጋር በጣም ይመሳሰላልና። የሚለየው በጊዜው ነው። ይህ ሕመም በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሰዓታት እስከ ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚጀምረው፤ ድካሙም ብዙውን ጊዜ ሕመሙን ተከትሎ ይመጣል። በመለጠጥ ወይም በግፊት የተጎዳ ነርቭ ግን ሰው እንደነቃ ድካሙ አብሮ አለ። ሦስተኛው ማብራሪያ ቀድሞ የነበረ የአንገት አጥንት ወይም የነርቭ ችግር ነው፤ ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ነርቭ ደግሞ በቀላሉ ይጎዳል።

ስለዚህ የጉዳይዎ ዋና ማስረጃ ምናልባት ያላሰቡት አንድ ወረቀት ነው፤ በማገገሚያ ክፍል ውስጥ ነርሷ የጻፈችው የመጀመሪያው ሰዓት ማስታወሻ። እዚያ ላይ «ታካሚዋ ቀኝ ክንዷን ማንሳት አልቻለችም» የሚል ከሰዓቱ ጋር ከተጻፈ፣ ቆይቶ የሚጀምረው የብግነት ሕመም በእጅጉ ይዳከማል። ማስታወሻው «ታካሚዋ ደህና ነች፣ አራቱንም እጅና እግር ታንቀሳቅሳለች» የሚል ከሆነና የክንዱ ቅሬታ መጀመሪያ የተመዘገበው በአራተኛው ቀን ከሆነ፣ እርስዎ ምንም ቢያስታውሱ ነገሩ ወደ ሌላ ይዞራል። ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና፣ በአንድ ዓይነት ክንድ ጉዳት ይወጣሉ፤ አንዱ ጉዳይ ሲናገር ሌላው ዝም የሚለው በዚህ መስመር ነው።

ሌላው የሚለየው መሣሪያ የነርቭና የጡንቻ የኤሌክትሪክ ምርመራ ነው፤ ሐኪሞች ኢኤምጂ ይሉታል። ነርቭ ከተጎዳ በኋላ ጡንቻው ከነርቩ መቋረጡን የሚያሳየው ምልክት እስኪወጣ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ምርመራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተደርጎ ምልክቱ ወዲያው ቢታይ ጉዳቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረ ነው ማለት ነው፤ በመጀመሪያ ጠፍቶ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ብቅ ቢል ግን አዲስ ነው። እርስዎ አምስት ሳምንት ስለሆነዎት የመጀመሪያው ዕድል አልፏል፤ ዛሬ የሚደረግ ምርመራ ቀኑን አይነግርም። ግን ሌላ ትልቅ ነገር ይነግራል። ጉዳቱ ከአንገት አጥንት በሚወጣው የነርቭ ሥር ላይ ይሁን ወይም ከአንገት ወደ ክንድ በሚወርደው የነርቭ መረብ ላይ ይለያል፤ በነርቭ ሥሩ ጉዳት የክንዱ የስሜት ነርቭ ምልልስ ብዙውን ጊዜ ሳይጎዳ ይቀራል፣ በመረቡ ጉዳት ግን ይደክማል። ጉዳቱ በአንድ አካባቢ ተያይዞ የሚታይ ይሁን ወይም እዚህም እዚያም የተበታተነ ይሁን ያሳያል፤ የተበታተነው ወደ ብግነት ያዘነብላል። ይህን ምርመራ ሳይውሉ ሳያድሩ ያስደርጉ፤ ሐኪሙም ክስ ለመደገፍ ሳይሆን ለሕክምናዎ እንዲያደርገው ይጠይቁ፤ ውጤቱ በዚያ መልኩ ሲገኝ የበለጠ ይታመናል።

አሁን ክፍሉ ውስጥ ምን ሊበላሽ እንደሚችል እንመልከት፤ ምክንያቱም የሙያ ምስክርዎ «ቸልተኝነት ሊሆን ይችላል» ከማለት አልፎ እንዴት እንደሚሆን መናገር አለበት። በታችኛው ሆድ ላይ በካሜራ ሲሠራ አንጀት ወደ ላይ እንዲሸሽ ጠረጴዛው ወደ ራስጌ ያጋድላል፤ እግር ከፍ፣ ራስ ዝቅ ይላል። ያጋደለ ሰው ወደ ታች መንሸራተት ይጀምራል። እንዳይንሸራተት በትከሻ ላይ ጠንካራ ድጋፍ ከተደገነ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በሁለቱ ድጋፎች ላይ ያርፋል። ድጋፉ ወደ አንገት ቀርቦ ከተቀመጠ የነርቭ መረቡን ይጫናል፤ ወደ ትከሻ ጫፍ ከራቀ ደግሞ ትከሻውን ወደ ታች ገፍቶ መረቡን ይለጥጠዋል። ክንድ በጎን ሰሌዳ ላይ ተዘርግቶ ከሆነ ከሰውነት ከ90 ዲግሪ በላይ መራቅ የለበትም፤ ጠረጴዛው ሲያጋድል ወይም ሰውነት ሲንሸራተት ይህ ማዕዘን ማንም ሳያስተውል ይሰፋል። ራስ ወደ ተቃራኒው ጎን ዞሮ ከቆየም መለጠጡ ይብሳል። ነቅቶ ያለ ሰው አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ክንዱን ይሰበስባል፤ የተኛ ሰው ግን ለሰዓታት ዝም ብሎ ይለጠጣል። ክንድ ማንሳት የሚያስቸግረው ደግሞ በተለይ የመረቡ የላይኛው ክፍል ሲጎዳ ነው፤ እርስዎ የገለጹት ምልክት ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ይህ ግን አቅጣጫ ያሳያል እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

የቁጥጥሩ ነጥብ ላይ እንምጣ። ክፍሉ ውስጥ ቀዶ ሐኪም፣ ማደንዘዣ ባለሙያና ነርሶች ነበሩ፤ ማን እንዳጠፋ አያውቁም። ይህን ጥያቄ በግልጽ የፈታው የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1944 የወሰነው የይባራ እና የስፓንጋርድ ጉዳይ ነው። ከሳሹ ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ገብቶ ከመተኛቱ በፊት ትከሻው አጠገብ ከኋላው ሁለት ጠንካራ ነገሮች እንደተደገፉበት ያስታውሳል። ሲነቃ በአንገቱና በቀኝ ትከሻው መካከል ሕመም ነበረው፤ እየዋለ ክንዱ ደከመ፣ ጡንቻው ከሳ። በሐኪም ማስረጃ ምክንያቱ ግፊት ወይም መለጠጥ እንደሆነ ተነገረ። ፍርድ ቤቱ ሰውን ራሱን ካሳቱት በኋላ የደረሰበትን አሳይ ማለት ፍትሕ መንፈግ ነው ብሎ፣ ሰውየውን ወይም መሣሪያውን በእጃቸው የያዙት ሁሉ የየራሳቸውን ማብራሪያ እንዲሰጡ አዘዘ። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ምስክርነት የሰጡት ሠራተኞች ክፉ ነገር አላየንም ብለው መሰከሩ፤ ያም ሆኖ ተፈረደባቸው፤ በ1949 ይግባኙ ላይ ፍርዱ ጸና። «ምንም አልተፈጠረም» የሚለው የሆስፒታልዎ መልስ በዚህ መንገድ ሲታይ ማብራሪያ አይባልም።

ይህ ውሳኔ ግን ሁሉም ቦታ አልተከተለም። በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች አጥብበውታል ወይም ትተውታል፤ እያንዳንዱ ተከሳሽ የራሱ የቁጥጥር ድርሻ እንዲታይ ይፈልጋሉ። እዚያ ያለ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ማደንዘዣ ባለሙያው ብዙ ጊዜ የሆስፒታሉ ተቀጣሪ ሳይሆን የራሱ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ሆስፒታሉን ብቻ ከሶ የይርጋ ጊዜው ካለፈ በኋላ «ጥፋቱ የማደንዘዣው ባለሙያ ነው» የሚል መልስ ቢመጣ የሚከሰስ ሰው አይኖርም። እንግሊዝ ውስጥ ችግሩ ቀለል ይላል፤ በ1951 በካሲዲ ጉዳይ የይግባኝ ፍርድ ቤት ለሁለት የደረቁ ጣቶች ሊታከም ገብቶ አራት የደረቁ ጣቶች ይዞ የወጣ ሰው ከሠራተኞቹ ማን እንዳጠፋ መለየት እንደማይጠበቅበት፣ ሆስፒታሉ ለሠራተኞቹ ሁሉ እንደሚጠየቅ ወስኗል።

አደጋው «ከተናገረ» በኋላ ምን ይሆናል? በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት ጁሪው፣ ማለትም ፍርድ እንዲሰጡ ከሕዝብ የተመረጡት ሰዎች፣ ቸልተኝነት አለ ብሎ እንዲደመድም ይፈቀድለታል፤ አይገደድም። ካሊፎርኒያ የሕግ ግምት ታደርገዋለች፤ ተከሳሹ ማስረጃ እስኪያቀርብ ድረስ ግምቱ ይሠራል፣ ካቀረበ በኋላ ግን ይወድቅና ማስረጃው እንደ ማንኛውም ይመዘናል። ለእንግሊዝ ሕግም መመሪያ የሆነው የ1988ቱ የፕሪቪ ካውንስል፣ ለንደን የሚገኘው የይግባኝ ችሎት፣ ውሳኔ የማስረዳት ሸክሙ እስከ መጨረሻው ከሳሹ ላይ እንደሚቆይ በግልጽ ተናግሯል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 መርሁ ራሱን የቻለ ሕግ ሆኖ መሥራቱ እንዲያበቃ አድርጎ፣ በቀጥታ ያልታየውን ከዙሪያው ሁኔታ የሚያሳየው የአካባቢ ማስረጃ ሁሉ ተጠቃልሎ እንዲመዘን ወሰነ፤ አውስትራሊያም በ2000 ከማስረጃ መደምደሚያ የመውሰጃ መንገድ እንጂ የተለየ ሕግ እንዳልሆነ ተናገረች። የትም ቢሆኑ «እነሱ ያስረዱ» ብሎ መቀመጥ የሚያዋጣ አይደለም።

አንድ ወጥመድ ሳልጠቅስ አላልፍም። መርሁ የሚሠራው ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። በ1950 የተወሰነ የእንግሊዝ ጉዳይ ላይ የአውቶቡስ ጎማ ፈንድቶ ተሳፋሪ ሞተ፤ ጎማው ለምን እንደፈነዳ በምርመራ ስለታወቀ መርሁ ከጨዋታ ወጣ፤ የቀረው ጥያቄ ኩባንያው ሊደርስበት ይችል ነበር ወይ የሚለው ብቻ ሆነ። ኩባንያው የተፈረደበት ሾፌሮች ጎማ የሚጎዳ ግጭት ሲያጋጥማቸው እንዲያሳውቁ ሥርዓት ስላላበጀ ነው። በእርስዎ ጉዳይም መዝገቡ የትከሻ ድጋፍ እንደነበር ቢያሳይ ከመርሁ ወጥተው ወደ ቀጥተኛ ቸልተኝነት ይገባሉ፤ ያ ደግሞ የተሻለ ነው። ስለዚህ ክሱ ሁለቱንም እንዲይዝ ያድርጉ። አንዳንድ ግዛቶች ከሳሹ አንድ የተወሰነ ጥፋት ብቻ ቆርጦ ከጻፈ መርሁን እንደተወ ይቆጥሩታል።

የስምምነት ወረቀት መፈረምዎ አያስፈራዎት፤ ቸልተኝነትን አያጸድቅም። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ «የነርቭ ጉዳት» በታወቀ አደጋነት ተጠቅሶ ከሆነ ተከሳሾቹ ጉዳቱ ያለ ጥፋትም እንደሚደርስ ማሳያ አድርገው ያቀርቡታል፤ የሙያ ምስክርዎ ይህን አስቀድሞ አይቶ መመለስ አለበት።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፤ መርሁን ሁለተኛ መስመር ያድርጉት፣ መዝገቡን መጀመሪያ ያግኙ። በዚህ ሳምንት በጽሑፍ የሚከተሉትን በስም ጠቅሰው ይጠይቁ፤ የማደንዘዣ ሰንጠረዥ፣ የቀዶ ክፍሉ ነርስ መዝገብ (አቀማመጥ፣ ድጋፍና የመደገፊያ ስፖንጅ የሚጻፍበት)፣ የማገገሚያ ክፍል ማስታወሻ፣ የስምምነት ወረቀትና መዝገቡ ላይ ማን መቼ ምን እንደጨመረ የሚያሳየው የለውጥ ታሪክ። «ፋይሌን ስጡኝ» ብቻ ካሉ ማጠቃለያ ነው የሚሰጥዎት። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሉ መዝገብዎን በ30 ቀን መስጠት አለበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ማራዘም ይችላል፤ እንግሊዝ ውስጥ ቀነ ገደቡ አንድ ወር ነው። ከመዝገቡ ጋር እነዚያን የመጀመሪያ ቀናት እርስዎ ራስዎ በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ መቼ ነቁ፣ ለማን ነገሩ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ክንድዎን ያዩ ሰዎች እነማን ናቸው። የቀድሞ የአንገት ወይም የስኳር ሕመም ካለ ለጠበቃዎ አይደብቁ፤ ከተከላካዩ ከሰማው ጉዳዩ ይበላሻል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ እንግሊዝ ውስጥ ይርጋው በመሠረቱ ጉዳቱ ከደረሰበት ወይም ከታወቀበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከጉዳቱ 3 ዓመት ወይም ካወቁበት 1 ዓመት፣ ከሁለቱ የቀደመው ነው፤ እርስዎ ስነቃ አወቅሁ ስላሉ እዚያ ከሆኑ የሚቆጠረው አንድ ዓመት ነው ብለው ይያዙ። በርካታ ግዛቶች ደግሞ ክሱ ሲቀርብ ወይም ከቀረበ ብዙም ሳይቆይ የባለሙያ ማረጋገጫ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ መዝገብና ኢኤምጂ ሳይዝ ያንን የሚፈርም ሐኪም አይገኝም።